በረዶ ማቅለጥ፣ ሁለት ጋዝ ማደባለቅ፣ መዳብ ማሞቅ፦ የኢንትሮፒ ለውጣቸው ጎን ለጎን

ጤዛ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሂደቶችን በአንድ ገጽ ላይ ላወዳድር ፈልጌ ቁጥሮቹ አልታረቁልኝም።

የመጀመሪያው፣ 0 ዲግሪ ላይ ያለ 1 ሞል በረዶ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይቀልጣል። ውሃው ገና 0 ዲግሪ ላይ እያለ ሂሳቡን አቆማለሁ። ሁለተኛው፣ 1 ሞል ናይትሮጅንና 1 ሞል አርገን እኩል ይዘት ባላቸው ሁለት ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም 25 ዲግሪና 1 ባር ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ቫልቭ ይከፈታል። ሦስተኛው፣ 25 ዲግሪ የነበረ 1 ሞል መዳብ 100 ዲግሪ በሆነ ትልቅ የፈላ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ የገንዳውን መጠነ ሙቀት ይይዛል።

ሦስቱንም በ Q/T ሠራኋቸው። ለበረዶው 6010 ጁል ለ273.15 ሲካፈል 22.0 ጁል በኬልቪን ይወጣል። ለመዳቡ 24.4 በ75 ተባዝቶ 1830 ጁል ነው፤ ለ298.15 ሲካፈል 6.14 ይሆናል። ጋዞቹ ግን ሙቀት አልተቀበሉም፣ መጠነ ሙቀታቸውም አልተለወጠም፣ ስለዚህ 0 አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተጠራጠርኩት። ጋዞቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተለይተው እንደማይመለሱ እያወቅን እንዴት 0 ይሆናል?

---

ሎግ_ሠንጠረዥ

ጥርጣሬሽ ልክ ነው፣ 0 አይደለም። እኩል ሞል ላላቸው ሁለት ጋዞች ቀመሩ 2R ln 2 ነው፤ 11.5 ጁል በኬልቪን ይሰጥሻል። ለመዳቡ ደግሞ በመነሻው መጠነ ሙቀት አታካፍዪ፣ የመነሻውንና የመድረሻውን አማካይ ውሰጂ። 1830 ለ335.65 ሲካፈል 5.45 ነው።

ስለዚህ ተራው በረዶ 22.0፣ ጋዝ 11.5፣ መዳብ 5.45 ነው። ከሦስቱ ወደ ኋላ ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግረው የበረዶው መቅለጥ ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ትልቁ እሱ ነውና።

---

አርገን40

ሎግ_ሠንጠረዥ ቁጥሮቹን በደንብ አቅርቧቸዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ነገሩን ገልብጦታል፤ የዚህ ጥያቄ ዋናው ጉዳይም ያለው እዚያው ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

መጀመሪያ Q/T መቼ ይሠራል የሚለውን እንያዝ። በዚህ ቀመር ውስጥ ያለው Q በማንኛውም መንገድ የገባ ሙቀት አይደለም። ወደ ኋላ ሊመለስ በሚችል፣ በየደረጃው ሚዛኑን በጠበቀ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ይገባ የነበረው ሙቀት ነው። ኢንትሮፒ የሚወሰነው በመነሻውና በመድረሻው ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ እውነተኛው ሂደት የቱንም ያህል ድንገተኛ ቢሆን እኛ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ለስላሳ መንገድ ፈልገን በእሱ ላይ እናሰላለን። ጤዛ ለጋዞቹ 0 ያገኘችው በእውነተኛው መንገድ ላይ ያለውን Q ስለወሰደች ነው።

ለበረዶው መንገዱ ቀላል ነው። ሲቀልጥ መጠነ ሙቀቱ ከ273.15 ኬልቪን አይነቃነቅም፣ ስለዚህ አንድ ማካፈል ይበቃል፦ 22.0።

ለመዳቡ T በየቅጽበቱ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ የገባው ጁል ለ298 ይካፈላል፣ መጨረሻ ላይ የገባው ለ373። እነዚህን ጥቃቅን ክፍያዎች ስትደምሩ ሎጋሪዝም ይመጣል፦

```
ΔS = C ln(T2/T1) = 24.4 × ln(373.15/298.15) = 5.48 J/K
```

የሎግ_ሠንጠረዥ አማካይ 5.45 መስጠቱ የክልሉ ጥበት ውጤት ነው። ክልሉ ከ300 እስከ 900 ኬልቪን ቢሆን ኖሮ አማካዩ ከሎጋሪዝሙ 9 በመቶ ያህል ዝቅ ይል ነበር። በዚህ ቀመር ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ግን ዲግሪ ሴልሺየስን ማስገባት ነው። ln(100/25) ብትወስዱ ውጤቱ 33.8 ይሆናል፣ ይህም የእውነተኛው ስድስት እጥፍ ነው። ለማጣራት አጭር መንገድ አለ፦ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ Q ን በከፍተኛው T ስታካፍሉ በሚመጣውና በዝቅተኛው T ስታካፍሉ በሚመጣው ቁጥር መካከል ይወድቃል። እዚህ በ4.90 እና በ6.14 መካከል ማለት ነው። ከዚያ ከወጣ ስሌቱ ላይ ችግር አለ።

ለጋዞቹ ለስላሳው መንገድ እንዲህ ነው። ናይትሮጅኑን ብቻውን በፒስተን ቀስ እያደረጋችሁ፣ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ይዘቱን እጥፍ አድርጉት። እየገፋ ሥራ ይሠራል፣ የሠራውን ያህል ሙቀት ደግሞ ከአካባቢው ይቀበላል። የኢንትሮፒ ለውጡ R ln 2፣ ማለትም 5.76 ነው። አርገኑም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደመሩ 11.53። ቫልቩን በመክፈት ያገኛችሁት መድረሻ ከዚህ መድረሻ ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ ተራው እንምጣ። አንድ ነገር ወደ ኋላ መመለሱን ወይም አለመመለሱን የሚነግረን የነገሩ የራሱ ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ለውጥ ተደምሮበት ነው። ክፍሉ ለበረዶው 6010 ጁል ሰጠ፣ የሰጠውም 298.15 ኬልቪን ላይ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ 20.16 አጣ። ገንዳው ለመዳቡ 1830 ጁል 373.15 ላይ ሆኖ ሰጠ፤ 4.90 አጣ። የጋዞቹ አካባቢ ምንም አልሰጠም፣ ምንም አላጣም።

```
            የራሱ       የአካባቢው      ድምር
በረዶ       +22.00      -20.16      +1.84
ጋዞች       +11.53        0.00     +11.53
መዳብ        +5.48       -4.90      +0.57
```

ሁሉም በጁል በኬልቪን ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለችው የ0.01 ልዩነት ከማጠጋጋት የመጣች ናት። በራሱ ለውጥ አንደኛ የነበረው በረዶ በድምሩ ጋዞቹ ካገኙት አንድ ስድስተኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ክፍሉን 25 ከማድረግ ይልቅ 0.1 ዲግሪ ብታደርጉት ድምሩ ወደ 0.008 ይወርዳል፤ የበረዶው 22.0 ግን ፈጽሞ አይነቃነቅም። ከሦስቱ በዋናነት የማይመለሰው የጋዞቹ ነው።

---

ቀዝቃዛ_ክፍል

እኔ የምሠራበት በረዶ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። እንዲህ ከሆነ 6010 ለ263.15 ተካፍሎ 22.84 ነው የምለው? በቀመሩ ብቻ ስሄድ ቀዝቃዛ በረዶ ሲቀልጥ ብዙ ኢንትሮፒ የሚያገኝ ይመስላል።

---

አርገን40

አይደለም ወንድሜ። በረዶህ 263.15 ኬልቪን ላይ አይቀልጥም። በተለመደው ግፊት በዚያ መጠነ ሙቀት በረዶና ውሃ ሚዛን ላይ ስለማይገኙ፣ እዚያ ላይ 6010ን ለማካፈል የሚያስችል ለስላሳ መንገድ የለም። ሁለት ደረጃ አድርገው። መጀመሪያ በረዶው እንደ ጠጣር ይሞቃል፣ ልክ እንደ መዳቡ። የበረዶ የሙቀት አቅም በሞል 37.7 ገደማ ስለሆነ፦

```
37.7 × ln(273.15/263.15) = 1.41
6010 / 273.15            = 22.00
                   ድምር = 23.41 J/K
```

ክፍሉ የሰጠው ደግሞ 377 እና 6010፣ በጠቅላላው 6387 ጁል ነው። ለ298.15 ሲካፈል 21.42 ያጣል፤ የሁለቱ ድምር ወደ 1.99 ይሆናል። ያንተ ጉዳይ የጤዛን ሁለት ሂደቶች፣ ማሞቅንና ማቅለጥን፣ አንድ ላይ የያዘ ነው። 10 ዲግሪ ማሞቁ 1.41 ብቻ ሲሰጥ መቅለጡ 22.00 መስጠቱን ልብ በል። መጠነ ሙቀት ሳይለወጥ የጠጣሩ አወቃቀር ሲፈርስ ይህን ያህል ነው።

---

ሎግ_ሠንጠረዥ

በራሱ ለውጥና በድምሩ መካከል ያለውን ልዩነት ተቀብያለሁ፣ ሠንጠረዡ ግልጽ አድርጎታል። የጋዞቹ ቀመር ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው ይህን ነው፣ ለማንኛውም ድብልቅ ይሠራል፦

```
ΔS = -n R (x1 ln x1 + x2 ln x2)
```

ለምሳሌ ናይትሮጅኑ 2 ሞል፣ አርገኑ 1 ሞል ከሆነ 15.88 ይመጣል።

---

ፒስተን

ለማንኛውም ድብልቅ አይሠራም። ቀመርህ ከመደባለቃቸው በፊት ሁለቱ ጋዞች እኩል ግፊትና እኩል መጠነ ሙቀት እንዳላቸው ታሳቢ ያደርጋል። በጤዛ ዕቃዎች ውስጥ፣ ማለትም እኩል ይዘት ባላቸው ሁለት ዕቃዎች፣ 2 ሞል ናይትሮጅን ካስገባህ የእሱ ወገን 2 ባር ይሆናል፣ የአርገኑ 1 ባር። ቫልቩ ሲከፈት ሁለቱም ይዘታቸው እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 3R ln 2፣ 17.29 ነው የሚወጣው።

የቀረችው 1.41 የግፊቱ መተካከል ድርሻ ናት። ግፊቱ መጀመሪያ እንዲተካከል ብትፈቅድ ናይትሮጅኑ ከአንድ ዕቃ ወደ አንድ ዕቃ ከሢሶ ይሰፋል፣ አርገኑ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጨመቃል። 2R ln(4/3) ሲደመር R ln(2/3) በትክክል 1.41 ይሰጣል። በሁለት ዕቃና በአንድ ቫልቭ የሚሠራ ሰው x ያለበትን ቀመር ትቶ ለእያንዳንዱ ጋዝ ለየብቻ nR ln(V2/V1) ቢጽፍ አይሳሳትም።

---

ነጭ_ሰሌዳ

ሁላችሁም ቀመር ላይ ናችሁ። ኢንትሮፒ የሥርዓት አልባነት መለኪያ አይደለም እንዴ? ጋዞቹ ከመጀመሪያውም የተዘበራረቁ ናቸው፣ በረዶው ግን በሥርዓት የተደረደረ ነው። ስለዚህ በረዶው ብዙ መጨመሩ፣ ጋዙ ጥቂት መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ደግሞስ መደባለቅ በራሱ ነው ኢንትሮፒውን የሚጨምረው።

---

ፒስተን

የመጨረሻዋን እንያት። አንድ ሊትር ናይትሮጅንና አንድ ሊትር አርገን ወስደህ ሁለቱንም በዚያው መጠነ ሙቀት በአንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ ብትከታቸው ፍጹም ተደባልቀዋል። ግን እያንዳንዱ ጋዝ ያለው ቦታ እንደ ቀድሞው አንድ ሊትር ነው። ጋዞቹን ፍጹማዊ ብለን ከወሰድናቸው የኢንትሮፒ ለውጡ 0 ነው። ድብልቅ አለ፣ ጭማሪ የለም። በጤዛ ምሳሌ የመጣው 11.53 ሙሉ በሙሉ እያንዳንዱ ጋዝ ሰፊ ቦታ ከማግኘቱ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ቀድሞ በአንድ ዕቃ ብቻ ይገኝ ነበር፣ አሁን በሁለቱም መገኘት ይችላል። ለእያንዳንዱ ሞለኪውል k ln 2 ይደርሰዋል፤ ያን በሞለኪውሎቹ ቁጥር አባዛው።

መዘበራረቅ የሚለው ቃል ለበረዶው ሊረዳ ይችላል። ለመዳቡ ግን አይረዳም፤ መዳቡ 100 ዲግሪ ላይም አተሞቹ በዚያው አደራደር ላይ ናቸው። የጨመረው ንዝረታቸው የሚይዘው ኃይል የሚከፋፈልባቸው መንገዶች ብዛት ነው።

---

ጥላ

ፒስተን ያለውን ከተቀበልን አንድ ጥያቄ ይከተላል። በሁለቱም ዕቃዎች ናይትሮጅን ቢሆን እያንዳንዱ ሞለኪውል አሁንም ሁለት ዕቃ ያገኛል። እንግዲያው ለምን 11.53 አይሆንም? መልሱ 0 እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቫልቩን መልሼ ብዘጋ መነሻውን ማግኘቴን የሚያጠራጥር ነገር የለምና። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኒዮን 20 እና ኒዮን 22 ብናስገባስ? በኬሚካዊ ጠባይ አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል፣ ሆኖም ሙሉው 11.53 ነው የሚወጣው። ልዩነቱን የቱንም ያህል ብናጠብበው 11.53 ይቆያል፤ ልዩነቱ ሲጠፋ በአንድ ጊዜ ወደ 0 ይወድቃል። ጊብስ ይህን ካነሳበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው፣ እኔን ግን እስካሁን አላረካኝም።

---

አርገን40

የሁለቱ ዕቃዎች ናይትሮጅን አንድ ዓይነት ሲሆን ሞለኪውሎቹን መለዋወጥ አዲስ ሁኔታ አይፈጥርም። ስለዚህ ስንቆጥር በሞለኪውሎቹ መቀያየሪያ ብዛት ማካፈል አለብን፤ ካካፈልን 0 ይወጣል። ዝላዩን በተመለከተ፣ አተሞች በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሌላ አተም ሊለወጡ አይችሉም። በኒውትሮን ቁጥር ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ግማሽ የሚባል የለም። ዝላዩ ያለው በቀመሩ ሳይሆን በተፈጥሮ ራሱ ነው።

---

ፒስተን

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ወይም በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። ኒዮኖቹን የምንለይበት ምንም መሣሪያ ባይኖረን ከድብልቁ ሥራ ልናገኝበት አንችልም፣ ለመለያየትም ሥራ አንከፍልም። እንዲያ ከሆነ 0 ብለን ብንሠራ ከምንለካው ነገር ጋር የሚጋጭ ውጤት አይመጣም። ኢንትሮፒው የተንጠለጠለው በምንቆጣጠራቸው መለኪያዎች ላይ ነው።

---

አርገን40

የጅምላ መለያ መሣሪያ ኖረህም አልኖረህም ኒዮን 20 እና 22 የተለያየ ክብደት አላቸው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ ቀላሉ ፈጠን ይላል። ይህ ያንተን ዕውቀት አይጠብቅም። አንተ የምትለው ለስሌት ምቾት ጥሩ ነው፣ የነገሩን ባሕርይ ግን አይገልጽም።

---

ጥላ

ሁለታችሁም ተመሳሳይ ቁጥር እያወጣችሁ በትርጉሙ ተለያይታችኋል። ክሩን ከጤዛ ጥያቄ እንዳላስወጣው በራሱ ርዕስ እከፍተዋለሁ።

---

ጤዛ

በጣም አመሰግናለሁ። የአርገን40ን ሠንጠረዥ ይዤ አንድ ነገር ሞከርኩ፤ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። መዳቡን በቀጥታ 100 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ ከመንከር ይልቅ መጀመሪያ 62.5 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ፣ ከዚያ 100 ውስጥ ብነክረው፦

```
915/335.65 + 915/373.15 = 2.73 + 2.45 = 5.18
ድምር: 5.48 - 5.18 = 0.30
```

በአንድ ገንዳ 0.57 ነበር። ይህ ማለት ገንዳ በጨመርኩ ቁጥር ድምሩ በግማሽ ይቀንሳል?

---

አርገን40

ስሌትሽ ልክ ነው። የሚቀንሰው ግን ገንዳ በጨመርሽ ቁጥር በግማሽ ሳይሆን ከገንዳዎቹ ብዛት ጋር በተገላቢጦሽ ነው። በአራት ገንዳ 0.15 ገደማ ታገኛለሽ፣ በስምንት ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። የመዳቡ 5.48 በየትኛውም መንገድ አይለወጥም፤ የሚጠብበው በገንዳውና በመዳቡ መካከል ያለው የመጠነ ሙቀት ርቀት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ 24.4 የክፍል ሙቀት ቁጥር ነው። 100 ዲግሪ ላይ የመዳብ የሙቀት አቅም ወደ 25 ይጠጋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ለውጥ ከ5.48 በጥቂቱ ይበልጣል። ወደ ላይ ሲሄዱ ስህተቱ ትንሽ ነው። ወደ ታች ግን ተጠንቀቂ። 100 ኬልቪን ላይ የመዳብ የሙቀት አቅም ወደ 16 ይወርዳል፣ ከዚያ በታች ይበልጥ ይወድቃል። ከ20 ኬልቪን ተነስቶ በቋሚ C የሚሰላ ሎጋሪዝም እጅግ የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል፤ እዚያ C/T ን በየደረጃው ከተለካ ሠንጠረዥ እየወሰዱ መደመር ነው የሚሻለው።

---

ጤዛ

ገባኝ። እንግዲህ በረዶውን 0 ዲግሪ በሚጠጋ ክፍል፣ መዳቡን በብዙ ገንዳ ካደረግኩ የሁለቱም ድምር ወደ 0 ይጠጋል። ጋዞቹንስ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?

---

ፒስተን

ይቻላል፣ ግን ቫልቭ በመክፈት አይደለም። አንዱን ጋዝ ብቻ የሚያሳልፍ ገለፈት ያለው ፒስተን ያስፈልግሻል። ሁለት እንዲህ ያሉ ፒስተኖች ቢኖሩሽ፣ አንዱ ናይትሮጅንን ብቻ ሌላው አርገንን ብቻ የሚያሳልፍ፣ እያንዳንዱ ጋዝ ቀስ ብሎ እየገፋ ይሰፋል። 25 ዲግሪ ላይ 2RT ln 2፣ ማለትም 3436 ጁል ሥራ ታገኛለሽ፤ አካባቢው ያንኑ ያህል ሙቀት ሰጥቶ 11.53 ያጣል፣ ድምሩም 0 ይሆናል። ቫልቩን ስትከፍቺ የምታባክኚው ይህንኑ 3436 ጁል ነው። ጋዞቹን መልሶ ለመለየትም ከዚህ ያነሰ ሥራ አይበቃም።

በተግባር ለናይትሮጅንና ለአርገን እንዲህ አጥርቶ የሚለይ ገለፈት የለም። ለእውነተኛ ምሳሌ ከፈለግሽ ናይትሮጅኑን በሃይድሮጅን ተኪው፤ የፓላዲየም ገለፈት ሃይድሮጅንን ያሳልፋል፣ አርገንን ያግዳል። ግን እሱ በደንብ የሚሠራው በመቶዎች ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ብርድ ላይ ሃይድሮጅን ሲጠጣ ያብጥና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስሌቱን በ298 ሳይሆን ገለፈቱ በሚሠራበት T ሥሪው፤ ሥራው ከ3436 ይበልጣል፣ 11.53 ግን T ስለሌለበት እንዳለ ይቆያል።